ቅናሹ ከምን ላይ ነው?

ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጎንደር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ዳባትን ያገኛል። ከዳባት አልፎ ሲሄድ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ የስሜን ተራራ ነው። በገበያ ቀን ከየቀበሌው ገብሱን፣ ባቄላውን፣ በጉን ይዞ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ገበያተኛው መንገድ መንገዱን ሲሄድ በሱቅ በር፣ በግድግዳና በቆርቆሮ አጥር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያያል። ድሮ ቢሆን ሥዕሉን አይቶ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ማንበብ ስለሚችል ቆም ብሎ ያነባል።

እስቲ አንድ ማስታወቂያ አብረን እናንብብ። አዲስ የተከፈተ የሴቶች ፀጉር ቤት ማስታወቂያ ነው እንበል። ፀጉር ቤቷም ሆነች ዋጋዎቹ እኛ ለትምህርት ያህል ያሰብናቸው ናቸው። በደባርቅ ገበያ ዛሬ ይህ ነው ዋጋው ማለታችን አይደለም።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። ሹሩባ የተሠራች አንዲት ወጣት ትታያለች። ሹሩባው ቀጭን ነው፤ ያምራል። ከፎቶው ግርጌ እንዲህ የሚል ተጽፏል።

«አዲስ ፀጉር ቤት ተከፈተ! የመክፈቻ ሳምንት ታላቅ ቅናሽ! እስከ 50% ቅናሽ! ይምጡ፣ ይዋቡ!»

ራስጌና ግርጌ የሚባለውን በአልጋ ታውቁታላችሁ። ፎቶም ግርጌ አለው። ከግርጌው የሚጻፈው ነገር ሥራው ፎቶው መናገር የማይችለውን መናገር ነው። ፎቶው ሹሩባው ማማሩን ይናገራል። ዋጋውን ግን አይናገርም። ቀኑን አይናገርም። ቤቱ የት እንዳለም አይናገርም። ታዲያ ከላይ ያነበብነው ጽሑፍ ከእነዚህ የቱን ነገረን? አንዱንም አልነገረንም። ቃለ አጋኖው ብቻ በዛ።

አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ይህን አንብበው ገቡ እንበል። ልጅቷ የአጎቷ ልጅ ሠርግ አለባት።

«ልጄ፣ ይህ በፎቶው ያለው ሹሩባ በግማሽ ዋጋ ነው አይደል?» ብለው ይጠይቃሉ።

«አይ እናቴ፣ ግማሹ ለጥፍር ቀለም ነው። ሹሩባው ቅናሽ የለውም። 400 ብር ነው» ትላለች ባለ ፀጉር ቤቷ።

እናትየው «ኧረ ተዪኝ!» ብለው ይወጣሉ። ባለ ፀጉር ቤቷ አልዋሸችም ይሆናል። «እስከ 50%» ነው ያለችው። «እስከ» ማለት ከዚህ አይበልጥም ማለት ነው፤ ሁሉም ነገር በዚህ ቀንሷል ማለት አይደለም። አንዱ ዕቃ በ50 ቀንሶ ሌላው በ5 ቢቀንስ፣ ቀሪው ጭራሽ ባይቀንስም «እስከ 50» ማለት ይቻላል። ስለዚህ «እስከ» የሚለውን ቃል ስታዩ ቀጥሎ «የቱ ነው 50 የሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶውም ራሱ ሌላ ወጥመድ ሆኗል። የሹሩባ ፎቶ ተለጥፎ ቅናሹ የጥፍር ቀለም ከሆነ፣ አንባቢው ዓይኑ ያየውንና ጆሮው የሰማውን አንድ አድርጎ መውሰዱ አይቀርም። ፎቶና ጽሑፍ ስለ አንድ ነገር መናገር አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ጥያቄ ግን ገና አልተነሳም። ቅናሹ ከምን ላይ ነው?

የቆየ ሱቅ «ቀንሻለሁ» ሲል ትናንት በስንት ይሸጥ እንደነበር እናውቃለን። ጨው ትናንት በ30 ብር ገዝታችሁ ዛሬ 25 ቢሏችሁ፣ 5 ብር ቀንሷል ትላላችሁ። አዲስ ፀጉር ቤት ግን ትናንት የለውም። ትናንት ማንንም ሠርቶ አያውቅም። ሰውም ሲከፍለው አልታየም። ታዲያ በመክፈቻው ሳምንት «ከ300 ብር ወደ 150 ብር ቀነስን» ቢል፣ 300 የተባለውን ማን ከፍሎት ያውቃል? ምናልባት በሰፈሩ ያሉት ሌሎች ፀጉር ቤቶች ያንኑ ሥራ በ160 ብር ይሠሩት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ የተቀነሰው 150 ብር ሳይሆን 10 ብር ነው። ቁጥሩ ከፍ ተደርጎ ተጽፎ ተመልሶ ወረደ እንጂ ቅናሽ አልሆነም።

ይህን ማወቂያው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ጎረቤት ጠይቆ ማመሳሰል ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ደንግጓል። ፀጉር መሥራትም አገልግሎት ነው። ስለዚህ የዋጋው ዝርዝር በግድግዳው ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። የሁለት የሦስት ቤት ዝርዝር ካነበባችሁ የሰፈሩን ዋጋ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው መንገድ ማስታወቂያው ራሱ የሚቀጥለውን ሳምንት ዋጋ እንዲናገር ማድረግ ነው። አዲስ ቤት ትናንት ባይኖረውም ነገ አለው። «በዚህ ሳምንት 150 ብር፤ ከሳምንቱ በኋላ 200 ብር» ብሎ ከጻፈ፣ ያ ቃል ነው። በስምንተኛው ቀን ሄዶ ማየት ይቻላል። እኔ እንደሚመስለኝ የመክፈቻ ቅናሽ ታማኝነቱ የሚለካው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ሁለት ትንንሽ ክቦችና በመካከላቸው የተጋደመ መስመር፣ ማለትም %፣ «በመቶ» ተብሎ ይነበባል። 25% ማለት ከእያንዳንዱ 100 ብር ላይ 25 ብር ይቀራል ማለት ነው። ዋጋው 200 ብር ቢሆን፣ በ200 ውስጥ ሁለት መቶዎች አሉ። ከአንዱ መቶ 25፣ ከሌላው መቶ 25፣ በድምሩ 50 ብር ይቀራል። የምትከፍሉት 150 ብር ነው። ዋጋው 60 ብር ቢሆንስ? መቶ አይሞላም። ያን ጊዜ 25% ማለት ሩብ ማለት መሆኑን አስቡ። እንጀራን አራት ቦታ እንደመቁረስ ነው። የ60 ሩብ 15 ነው። 45 ብር ይከፈላል። ለመንገደኛ ግን ይህን ሒሳብ በመንገድ ላይ ማሠራት ደግ አይደለም። ጽሑፉ «25%» ከሚል «200 የነበረው 150 ብር» ቢል ይሻላል። ብሩን ሁሉም ያውቀዋል።

ባለ ፀጉር ቤቷስ ስንት ብትቀንስ ያዋጣታል? የእሷም ወገን ይታይ። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ቅናሹ ቃሉን የማይጠብቀው በክፋት ሳይሆን ሒሳቡ ቀድሞ ሳይሠራ ቀርቶ ነው።

የፀጉር ቤት ሥራ ጊዜ ይፈጃል። ሴቲቱ ስትገባ ፀጉሯ በሻምፑ ይታጠባል። ቀጥሎ ቢጎዲን በሚባሉ ጥቅልሎች ላይ እየተጠቀለለ ይያዛል። ከዚያ ካስክ ውስጥ ትቀመጣለች። ካስክ ማለት እንደ ትልቅ ቆብ ከራስ በላይ የሚሆን፣ በመብራት ኃይል ሞቃት አየር የሚነፋ ማድረቂያ ነው። ማጠቡና መጠቅለሉ ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጃል እንበል። ካስኩ ደግሞ ለደንዳና ፀጉር አንድ ሰዓት ይወስዳል እንበል። ቤቷ ሁለት ሠራተኛ ቢኖራትም ካስኩ አንድ ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ከአንድ ራስ በላይ አይደርቅም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ቢሠራ 10 ሰዓት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት እስክትታጠብና እስክትጠቀለል ካስኩ ባዶውን ይቆያል። ስለዚህ በቀን 9 ራስ ቢደርቅ ነው። ሠላሳ ሴት ቢመጣ ሃያ አንዷ ወረፋ ጠብቃ ተናዳ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ መብራት ሳይጠፋ ነው። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ በእጅ የሚሠራው ሹሩባ ብቻ ይቀራል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንይ። ካስክ መደበኛው ዋጋ 200 ብር ነው። ለሻምፑ፣ ለቅባትና ለመብራት በአንድ ራስ 40 ብር ይወጣል እንበል። ያለ ቅናሽ 160 ብር በእጇ ይቀራል። ቀንሳ በ150 ብር ብትሠራ 110 ብር ይቀራል። ቤቷ አዲስ ስለሆነች ሰው አያውቃትም፤ ያለ ቅናሽ በቀን 4 ሴት ብቻ ትመጣለች ብንል 640 ብር ታገኛለች። በቅናሹ 9 ብትሞላ ግን 990 ብር ታገኛለች። ቅናሹ አዋጣት። አዋጥቷትም አዲሶቹ አምስት ሴቶች እጇን አወቁላት።

ያንኑ ቅናሽ በጥምቀት ሰሞን ብታደርገውስ? ለጥምቀት ፀጉሩን የማይሠራ ወጣት የለም። ቅናሽ ቢኖርም ባይኖርም ዘጠኙ ቦታ ይሞላል። በ200 ብር ብትሠራ 1440 ብር ታገኝ ነበር። በ150 ብትሠራ 990 ብር ነው። በቀን 450 ብር በከንቱ ሰጠች ማለት ነው። በዚህ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ አይስተናገድም። ስለዚህ የመክፈቻ ቅናሽ ሰው በማይበዛበት ሳምንት ቢሆን ይበጃል። ሹሩባውም በቅናሹ ባይገባ ይሻላል። ቀጭን ሹሩባ አንዷን ሠራተኛ ለብዙ ሰዓት ይይዛታል። የእጅ ድካም ነውና ብዙ ቢቀነስለት በጥድፊያ ይሠራና ሥሩ ላልቶ ይቀራል፤ ወይም በጣም ተጎትቶ ግንባር ያሳምማል።

አሁን ጽሑፉን እንደገና እንጻፈው። ማንን ነው የምንጠራው? በመንገዱ የሚያልፈውን፣ በእግሩ የሚደርሰውን ሰው ነው። የዳባት ሴት 50 ብር ለማትረፍ ብላ ደባርቅ ድረስ ብትሳፈር፣ የመኪናው ደርሶ መልስ ከ50 ብር ከበለጠ ከስራ ተመለሰች። ለሌላ ጉዳይ ደባርቅ የመጣች ከሆነች ግን መንገዱን አስቀድማ ከፍላዋለች፤ ለእሷ ቅናሹ ቅናሽ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የሚጻፈው ለአላፊ አግዳሚው ነው። አላፊ አግዳሚ ደግሞ ብዙ አይቆምም። ሸክም ይዟል፤ በግ ይነዳል። አሥር ርምጃ እስኪራመድ የሚያነበው ከአምስት ከስድስት መስመር አይበልጥም። እንዲህ ይሁን።

«በፎቶው የምታዩት በካስክ የደረቀ ፀጉር በቤታችን የተሠራ ነው።
አጥቦ በካስክ ማድረቅ በመክፈቻው ሳምንት 150 ብር። ከሳምንቱ በኋላ 200 ብር።
ከሰኞ ኅዳር 1 እስከ እሑድ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት።
በቀን 9 ሰው እናስተናግዳለን። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሠራለታል።
ሹሩባ በመደበኛ ዋጋው 400 ብር ነው።
ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት፣ አረንጓዴው በር።»

እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ቀኑን ተመልከቱ። «ይህ ሳምንት» አላለም። «ይህ ሳምንት» የሚባለው ለጻፈው ሰው ይገባዋል፤ ወረቀቱ ግን ሳምንቱ ካለፈም በኋላ ግድግዳው ላይ ይቆያል። ፎቶው በስልክ በቴሌግራምና በፌስቡክም ይዞራል። አንዱ ለሌላው ሲልከው ወር አልፎት ሊደርስ ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈው ለዚህ ነው። በስልክ ላይ የሚታየው ቀን ብዙ ጊዜ የፈረንጆች ነው። ኅዳር 1 ቀን 2018 በእነሱ ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ነበር። የወሩ ስም ተጽፎ «ኅዳር 1» ከተባለ ማንም አይሳሳትም። «1/3» ብሎ በቁጥር ብቻ የጻፈ ግን አንዱን ለኅዳር፣ ሌላውን ለማርች ያስባል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። «ጠዋት» እና «ምሽት» የሚሉት ቃላት ካልተጨመሩ 2 ሰዓት የጠዋቱም የምሽቱም ሊሆን ይችላል። ቦታውን በምልክት መናገር ደግሞ ለእኛ ከተሞች ከሁሉ የተሻለ ነው። የቤት ቁጥር ፈልጎ የሚያገኝ ገበያተኛ የለም። መናኸሪያን ግን ሁሉም ያውቃል። ምልክቱ የማይነቃነቅ ይሁን እንጂ። «ሰማያዊው ባጃጅ ከቆመበት» ተብሎ አይጻፍም፤ ባጃጁ ሄዶ ይሆናል።

«በቀን 9 ሰው» የሚለው መስመር ለባለ ቤቷ ጎጂ ይመስላል። አይደለም። አሥረኛዋ ሴት ስትደርስ «ለዛሬ ሞልቷል፣ ነገ በጠዋት ነይ» ብትባል ቅር አይላትም፤ በር ላይ አንብባዋለችና። ሳይጻፍ ቢቀር ግን «ቅናሹን ደበቁብኝ» ትላለች። «ሹሩባ 400» የሚለውም እንደዚሁ ነው። እነዚያ እናት ይህን ቢያነቡ ኖሮ ገብተው ባልተጨቃጨቁ ነበር። ወይ 400 ብሩን ቋጥረው ይመጣሉ፤ አለዚያም ሹሩባውን ለሰፈር ባለሙያ ሰጥተው ልጃቸውን በካስክ ብቻ ያሠራሉ።

ስለ ፎቶውም አንድ የቀረ ነገር አለ። በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ያለችው ወጣት ማን ናት? አዲስ ቤት የራሱ ሥራ ገና ስለሌለው ብዙ ጊዜ ከስልክ ላይ የሰው አገር ሴት ፎቶ አውርዶ ይለጥፋል። ያ ፎቶ የቤቱን እጅ አያሳይም። ከዚህ ይልቅ ከመክፈቻው በፊት አንዲት የሰፈር ልጅ በነፃ ተሠርታ፣ ፈቅዳ፣ ፎቶ ብትነሳ ይሻላል። «ፈቅዳ» ያልኩት ለወግ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ቦታ መለጠፍ፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይናገራል። ስለዚህ ልጃችሁ ተሠርታ ስትወጣ «አንዴ ፎቶ ላንሳሽ» ብትባል፣ ለምን እንደሆነና የት እንደሚለጠፍ ትጠይቅ። ካልፈለገች «አይሆንም» ማለት ትችላለች። ፀጉሯን በቅናሽ መሠራቷ ፊቷን ለግድግዳ ሰጠች ማለት አይደለም። ፊት ሳይታይ ከኋላ በኩል ፀጉሩን ብቻ ማንሳትም ይቻላል። ለፀጉር ቤት እንዲያውም የሚፈለገው እሱ ነው።

ኅዳር 8 ቀን ጠዋት ማስታወቂያው ከግድግዳው ይነሳል፤ በስልክም ከተለጠፈበት ይጠፋል። በዚያ ቀን በዚያ በር የምታልፉ ከሆነ ገባ ብላችሁ የዋጋውን ዝርዝር አንብቡ። አጥቦ በካስክ ማድረቅ 200 ብር የሚል ካገኛችሁ፣ ባለፈው ሳምንት የተቀነሰው 50 ብር እውነተኛ ነበር። አሁንም 150 ብር ከሆነ 200 የተባለው ለማሳመር ነበር ማለት ነው፤ ለከፋዩ ግን አልከፋም። 250 ብር ሆኖ ካገኛችሁት ባለ ቤቷን ማስታወቂያውን አስታውሳችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ቢነሳም በስልክ ያስቀረ ሰው አይጠፋም። ፎቶውንና ግርጌውን ይዞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል።